የብርኩማን ዕድሜ ከመሣሪያ አሻራ፣ ከወዝና ከመበላት እንዴት እንገምታለን?

ጎንደር ውስጥ በፒያሳ ዙሪያ ባሉት የባህል ዕቃ ሱቆች «የመቶ ዓመት ነው» የሚባል ብርኩማ ማግኘት አይቸግርም። አብዛኛው ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ አንዳንዱም በነቀዝ የተበሳሳ ነው። ቀለም ብቻውን ግን ስለ ዕድሜ የሚናገረው ጥቂት ነው። ጭስ ባለበት ጎጆ ውስጥ ሃያ ዓመት ያገለገለ ብርኩማ፣ ሣጥን ውስጥ ሰማንያ ዓመት ከተቀመጠው ይልቅ ያረጀ ይመስላል። ዕድሜ የሚገመተው ከምልክቶቹ ቅደም ተከተል ነው፦ በመጀመሪያ ብረት እንጨቱን ቆረጠው፣ ቀጥሎ የሰው ራስና እጅ አወዛው፣ እየቆየ ተበላ፣ ተሰነጠቀ፣ ተጠገነ። የመርማሪው ሥራ የትኛው ምልክት በየትኛው ላይ እንዳረፈ መለየት ነው። አዲስ ሆኖ አሮጌ እንዲመስል የተደረገ ዕቃም የሚጋለጠው በዚሁ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ይዛባበታል።

እዚህ የምንመለከተው ከአንድ ጉማጅ እንጨት የተጠረበውን፣ ከላይ ስርጉድ የራስ ማረፊያ፣ መሐል አንገት፣ ከታች መቆሚያ ያለውን ብርኩማ ነው። በርጩማም በዚሁ መንገድ ይመረመራል፤ ልዩነቱ የሚበላው ቦታ ላይ ስለሆነ እዚያ ስንደርስ እናነሳዋለን።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ጠባብ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ የሚሊሜትር ማስመሪያ፣ ሚዛን፣ ንጹሕ ነጭ ጥጥ፣ ጥቂት ንጹሕ ውኃና ጥቂት አኳራጅ። 365 ናኖሜትር የሆነ የዩቪ ባትሪ ከተገኘ ደግ ነው፤ ባይገኝም ሥራው አይቆምም።

ዕቃውን አይጠቡት፣ አይወልውሉት፣ ቅቤም ሆነ ዘይት አይቀቡት። በየስርጉዱ የተቀመጠው እድፍ ማስረጃ ነው፤ አንዴ ከታጠበ አይመለስም። ሻጭ ከገዢ ፊት ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ሲጀምር በትሕትና ቢያስቆሙት ይሻላል።

ሻጩ ወይም ባለቤቷ የሚያውቁትን ይጠይቁ፤ ግን «ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው አይጀምሩ። ይህ ጥያቄ የሚያመጣው መልስ አንድ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ መቶ ነው። ይልቅ «እማማ፣ በዚህ የሚተኙበት ማን ነበሩ? እርስዎ ሲዳሩ ቤት ውስጥ ነበር? ጣሊያን ሲገባስ?» ይበሉ። ሰው ዓመተ ምሕረት ቢረሳም ሠርግን፣ ልደትን፣ ጦርነትን አይረሳም። የጣሊያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ የደርግ መምጣት በ1966 ዓ.ም ስለሆነ፣ መልሱን በእነዚህ መሐል ማስቀመጥ ይቻላል። የተነገረዎትን ይጻፉና ያቆዩት፤ እንጨቱን መርምረው እስኪጨርሱ ድረስ አይመኑት፣ አይጣሉትም።

አንደኛ፦ የመሣሪያውን አሻራ ከታች ይፈልጉ

ምርመራው ከመቆሚያው ሥር ይጀምራል። ላዩ በአገልግሎት ተልጎ አሻራው ስለሚጠፋ፣ የጠራቢው እጅ ሳይነካ የሚቀረው ከሥር፣ ከአንገቱ ውስጠኛ ጥግና ከራስ ማረፊያው ስር ባለው ክፍል ነው። ክፍሉን ያጨልሙ፤ ባትሪውን ገጹን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርገው ብርሃኑን ወደ ጎን ይስደዱት። ፊት ለፊት ሲበራ ጠፍጣፋ የሚመስለው እንጨት ያን ጊዜ ጉብታና ስርጉዱን ያወጣል።

በእጅ መጥረቢያ የተጠረበ ገጽ ጥልቀት የሌላቸው፣ እያንዳንዳቸው የጣት ስፋት ያህል የሆኑ ቅርፊት መሰል ጠባሳዎች አሉት። ስፋታቸው እኩል አይደለም፤ የእንጨቱ ጅማት ሲዞር አቅጣጫቸውም ይዞራል፣ ምክንያቱም ጠራቢው ጅማቱ እንዳይፈነቀልበት ከሌላ ወገን ይመጣል። በጠባሳው ውስጥ በማጉያ ሲታይ ቀጭን ከፍ ያለ መስመር ካለ፣ መስመሩ የተሸረፈ ስለት የተወው ጥርሰት ነው። ያው መስመር በሌላውም ጠባሳ ላይ በተመሳሳይ ርቀት ሲደገም፣ ሁለቱን ቦታዎች የቆረጣቸው አንድ መሣሪያ፣ ሳይሳል በአንድ ጊዜ ነው ማለት ነው። ይህን መስመር መፈለግ ጊዜ ቢወስድም ይክሳል፦ አንዱ ክፍል የስለቱን ጥርሰት ይዞ ሌላው ፍጹም የተለየ አሻራ ካለው፣ ዕቃው በኋላ እንደገና ተነክቷል።

ካራ ረዣዥምና ጠባብ ልጣጭ ያስቀራል። መሮ ምቱ በቆመበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ወይም የጎበጠ ጭረት ይተዋል። በጋለ ብረት የተበሳ ቀዳዳ ግድግዳው ከሰል መስሎ ይጠቁራል፤ በመሠርሠሪያ የተበሳው ግን ንጹሕ ክብ ሆኖ ውስጡ የጠመዝማዛ ጭረት ይታይበታል።

የማሽን አሻራ ከእጅ የሚለየው በእኩልነቱ ነው። የክብ መጋዝ ጭረት ቅስት ነው፣ ቅስቶቹም በእኩል ርቀት ይከተላሉ። የግራይንደር አሻራ አጫጭር ቅስቶች እርስ በርስ ሲቋረጡ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ በራስ ማረፊያው ስርጉድ ውስጥ ይገኛል፣ ምክንያቱም በእጅ ለመፈልፈል አድካሚው ቦታ እሱ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከረው የእጅ ግራይንደር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ስለሆነ፣ አሻራው ያለበት ገጽ ከዚያ በፊት ተሠርቷል ማለት ያዳግታል። የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ደግሞ ቀጭንና ጎን ለጎን የተሰለፈ ነው፤ ከእንጨቱ ጅማት ጋር ሳይሆን ተሻግሮት ሲሄድ፣ በተለይ ሰው ጣቱን የማያስገባበት ጥግ ውስጥ ሲገኝ፣ ገጹ ሆን ተብሎ ተልጓል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የእጅ መጥረቢያ አሻራ የአሮጌነት ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። ዛሬም በገጠር በመጥረቢያና በካራ የሚጠርቡ ሰዎች ስላሉ፣ የእጅ አሻራ ስለ ዘመን ምንም አይወስንም። የማሽን አሻራ «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» ይላል፤ የእጅ አሻራ ግን ዝም ይላል። የእንጨቱም ዓይነት እንዲሁ ነው፦ ዋንዛና ወይራ በየዘመኑ ተጠርበዋል፣ ባሕር ዛፍ ግን ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ዕቃ «የጎንደር ነገሥታት ዘመን» ቢባል አይታመንም።

ሁለተኛ፦ የተበላውን ቦታ ከአጠቃቀሙ ጋር ያስተያዩ

ብርኩማውን ሰው እንደሚጠቀምበት አድርገው መሬት ላይ ያስቀምጡት። ራስ የት ያርፋል? እጅ የት ይይዘዋል? ሲገፋ ከመሬት ጋር የሚፋተገው የትኛው ጠርዝ ነው? እነዚህ ቦታዎች መበላት አለባቸው፤ ሌሎቹ መበላት የለባቸውም።

በእውነተኛ ዕቃ ላይ የራስ ማረፊያው መሐል ዝቅ ይላል፣ የሁለቱ ረጃጅም ጠርዞችም ክብ ይሆናሉ። ማስመሪያውን በጠርዞቹ ላይ አጋድመው በመሐል ያለውን ጥልቀት በየሁለት ሳንቲሜትሩ ይለኩ። ጠራቢ የሚያወጣው ስርጉድ ከግራና ከቀኝ ተመጣጣኝ ነው፤ ሰው ግን በጎኑ ስለሚተኛና ብርኩማውን ሁልጊዜ በአንድ ወገን ስለሚያዞር፣ የመበላቱ ጥልቀት ወደ አንዱ ጎን ያዘነብላል። ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ልዩነት ብዙ ይናገራል።

አንገቱ በእጅ የሚያዝበት ቦታ ላይ ጥርብ ጠርዙ ደንዝዞ ይወዛል። መቆሚያው ሥር ደግሞ ውጭኛው ጠርዝ ተልጎ መሐሉ ሻካራ ይቀራል፣ ምክንያቱም የሚነካው መሬት ወለሉ የተለቀለቀ ጎጆ ወይም መደብ ነው፤ ፍጹም ጠፍጣፋ አይደለም። ከሥር ሙሉው ገጽ እኩል ለስላሳ ከሆነ፣ ያለሰለሰው ሰው ነው።

ጌጥ ያለበት ብርኩማ የተሻለ ምስክር ነው። የተቀረጸው መስመር ከፍ ያለው ጠርዙ ሲበላ ስርጉዱ ውስጥ የመሣሪያው አሻራ ስል እንደሆነ ይቀራል። በብርጭቆ ወረቀት ያረጀው ግን ጉብታውም ስርጉዱም እኩል ደንዝዞ ይታያል። ማጉያውን ይዘው አንድ የተበላ መስመርና አንድ ያልተበላ መስመር በተመሳሳይ ጌጥ ላይ ካገኙ፣ ከዚያ የሚበልጥ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

በርጩማ ላይ የሚበላው የመቀመጫው ፊተኛ ጠርዝ፣ እጅ ገብቶ የሚያነሳው ስሩና የእግሮቹ ጫፍ ነው። የእግሮቹ ጫፍ መበላት እኩል አይሆንም፤ ሰው በርጩማ ሲጎትት አንዱን ወገን ያስቀድማል። ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማም ይሁን ሌላ፣ ሁሉም ጫፎች በአንድ ልክ የተቆረጡ ያህል ከሆኑ እግሮቹ በቅርቡ ተስተካክለዋል፤ ሙልጭ ያለ አዲስ እንጨት ጫፉ ላይ ይታያል።

ሦስተኛ፦ ወዙን ያንብቡ

ብርኩማ በቅቤ የተቀባን ጠጉር፣ የተሠራን ሹሩባ ከመሬት ለማንሳት ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ፣ ወዙ አንድ ወጥ አይደለም። የራስ ማረፊያው ከቅቤና ከላብ ይጠቁራል፤ ቅባቱ ከላይ ሳይቆም ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። አንገቱ ከእጅ ወዝ ቀላ ወይም ቡናማ ይሆናል። ሥሩ ደብዛዛና ደረቅ ሆኖ አፈርማ ይመስላል። ጭስ ባለበት ቤት የኖረ ከሆነ ጥቀርሻው ወደ ላይ በተጋለጡት ገጾች ላይ ይበረታል፣ ሌላ ዕቃ በተደገፈበት በኩል ይሳሳል። ስለዚህ ጥሩ ወዝ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቀለም አለው፣ ከአንዱ ወደ ሌላውም ቀስ ብሎ ይሸጋገራል። ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ጥቁር የሆነ፣ ሥሩም ስንጥቁም ውስጥ ያው ጥቁር የሆነ ዕቃ ተነክሯል ወይም ተቀብቷል።

ይህን ለመፈተን ጥጡን በውኃ ትንሽ አርጥበው፣ ከሥር በኩል የማይታይ የአንድ ሳንቲሜትር ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ያሽከርክሩት። ግራጫ ወይም ቀላል ቡናማ እድፍ ቢወጣ የተለመደ ነው። ደማቅ ቡናማ ወይም ቀይ ፈሳሽ ከሆነ ቡና፣ ሻይ ወይም የልብስ ቀለም ሊሆን ይችላል። በሌላ ጥጥ ላይ ሁለት ጠብታ አኳራጅ አድርገው ከጎኑ ይድገሙት። የጫማ ቀለም በሰም የተሠራ ስለሆነ በአኳራጅ ወዲያው ይለቃል፤ ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይቀባል፣ የጫማ ሽታም ይሰጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሽታው ይታወቃል፣ በተለይ ዕቃው በፌስታል ታስሮ ለአንድ ሌሊት ቢቆይና ጧት ቢፈታ። አሮጌ የቅቤ ወዝ ደርቆ ከእንጨቱ ጋር ስለተዋሃደ በሁለት ጠብታ አይለቅም፤ ቢበዛ ጥጡን ቢጫ ያደርገዋል። የዩቪ ባትሪ ካለ በጨለማ ያብሩት፦ የማዕድን ዘይትና አንዳንድ ቫርኒሽ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሲያበሩ፣ ጥቀርሻና እድፍ የያዘው አሮጌ ገጽ ደብዝዞ ይቀራል።

ይህን ፈተና የቤተ ክርስቲያን ወይም የገዳም ንብረት በሆነ ዕቃ ላይ አያድርጉ፣ በቀለም በተጌጠም ላይ አያድርጉ። በተመሳሳይ ቦታ ላይም አይደጋግሙት።

ነቀዝና ስንጥቅ

ሁለቱም ከሚገባቸው በላይ ይታመናሉ። እንጨት የሚበላ ጥንዚዛ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዕቃን ሊበሳሳ ይችላል፤ ቀዳዳው ብቻውን ዕድሜ አይሰጥም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ጥንዚዛው ከውስጥ ሲወጣ የሚተወው ገጹ ላይ ክብ ቀዳዳ ነው፤ ዋሻው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ዋሻው ራሱ እንደ ቦይ ገጹ ላይ ተከፍቶ ከታየ፣ እንጨቱ በነቀዝ ከተበላ በኋላ ገጹ ተጠርቧል ወይም ተልጓል። ይህ አሮጌ ግንድ ወይም የፈረሰ ቤት ምሰሶ ወስዶ አዲስ ብርኩማ የሚጠርብን ሰው ያጋልጠዋል፤ ሌላ ፈተና ሁሉ ሲያልፍ በዚህ የሚወድቅ ዕቃ አለ። ቀጭን የብረት ሽቦ ወደ ቀዳዳው ያስገቡ፦ ቀጥ ብሎ ገብቶ በአንድ ልክ ከቆመ በመሠርሠሪያ የተበሳ ነው፤ የጥንዚዛ መንገድ ይጠማዘዛል።

ስንጥቅ እርጥብ የተጠረበ እንጨት በሳምንታት ውስጥ ያወጣዋል። በጎንደር በጋ ሲደርቅ ይከፈታል፣ ክረምት ሲገባ ይጠባል። ስለዚህ ስፋቱን ትተው ውስጡን ይዩ። ግድግዳው ነጣ ያለ ከሆነና ጠርዙ ጣትን የሚቧጭር ከሆነ አዲስ ነው። ግድግዳው በእድፍ ጠቁሮ፣ ጠርዙም በአጠቃቀም ደንዝዞ ከሆነ፣ ዕቃው ከተሰነጠቀ በኋላ ብዙ አገልግሏል።

አንድ ብርኩማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ሁሉም አንድ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁመቱ 16 ሳ.ሜ.፣ የራስ ማረፊያው ርዝመት 19 ሳ.ሜ.፣ ክብደቱ 750 ግራም፣ እንጨቱ ዋንዛ ነው። አንዱ ጫፍ ተሰንጥቆ በቆርቆሮ ቁራጭና በአራት ትናንሽ ምስማር ተጠግኗል። ሻጩ የመቶ ዓመት ነው ይላል።

ከሥር በጎን ብርሃን ሲታይ የመጥረቢያ ጠባሳ ሞልቷል፣ በአራቱ ላይ ያው የስለት ጥርሰት መስመር ይደገማል። የማሽን አሻራ የለም። ይህ የሚያስቀረው አንድም ዘመን የለም፤ ዕቃው በኋላ እንዳልተላገ ግን ያሳያል።

የራስ ማረፊያው ከመሐል ወደ ቀኝ 3 ሚ.ሜ. ያህል አዘንብሎ ተበልቷል። አንገቱ ላይ ሁለቱ ጠርዞች ደንዝዘዋል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ስል ናቸው፤ በአንድ አያያዝ ሲነሳ ኖሯል። ወዙ ራስ ማረፊያው ላይ ጥቁር፣ አንገቱ ላይ ቀይ ቡናማ፣ ሥሩ አፈርማ ነው። በውኃ ጥጥ ግራጫ፣ በአኳራጅ ቀላል ቢጫ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ዕቃው እውነተኛ አገልግሎት ያየ ነው፤ ስለ ዓመቱ ግን የሚያስሩት ነገር የለም።

ዓመቱን የሚያስረው ቆርቆሮው ነው። በማጉያ ሲታይ በተፋቀው ቀለም ስር የዩኤስኤይድ ስም ፊደላት ይነበባሉ፤ የርዳታ ዘይት ጣሳ ቁራጭ ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ማለትም በ1954 ዓ.ም ስለሆነ፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ጥያቄው ብርኩማው ሲጠገን ምን ያህል ያረጀ ነበር የሚለው ነው። ቆርቆሮው በአንድ ጥግ ስለተነሳ፣ ሳይነቀል ከስሩ በባትሪ ማየት ይቻላል፦ ከስሩ ያለው እንጨት ጠቁሯል፣ የስንጥቁ ጠርዝም ደንዝዟል። እንግዲህ ከመጠገኑ በፊት ወዙ ተሠርቶ፣ ከተሰነጠቀም በኋላ ሳይጠገን ለጊዜው አገልግሎ ነበር። በተቃራኒው የቆርቆሮው ጠርዝና የምስማሮቹ ራስ በራስ ማረፊያው በኩል ተልገው ለስልሰዋል፣ ምስማሮቹ ዙሪያም የዝገት ጥቁረት ወደ እንጨቱ ሰርጓል። ከጥገናውም በኋላ ለብዙ ዓመት ተተኝቶበታል።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት እንዲህ ይጻፋል፦ «ጥገናው ከ1954 ዓ.ም በኋላ፤ የተጠረበው ከጥገናው ቢያንስ ከአሥር እስከ ሃያ ዓመት ቀድሞ፤ ሚዛናዊ ግምት ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም»። የሻጩ መቶ ዓመት ከዚህ ግምት ጥንታዊ ጫፍ ብዙ አይርቅም፤ ማስረጃው ግን ወደዚያ አያደርሰንም፣ ወረቀቱም ላይ አይጻፍም። ባለቤቷ «ስዳር ነበር» ያለችው ካለ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል፤ ሁለቱ በተለያየ መንገድ መጥተው ከተገናኙ ግምቱን ማጥበብ ይቻላል።

ላቦራቶሪስ?

የካርቦን 14 ምርመራ ይደረግ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ምርመራው የሚለካው ዛፉ ያደገበትን ጊዜ ነው፤ የተጠረበበትን አይደለም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1650 ገደማ እስከ 1950 ባለው ዘመን በከባቢ አየር የነበረው የካርቦን 14 መጠን የተወዛወዘ ስለሆነ፣ አንድ ናሙና በዚህ ሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ብዙ አማራጭ ዓመት ይሰጣል። ከአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት መጨረሻ አንስቶ እስከ ጣሊያን መውጣት ድረስ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። በግልጽ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በኋላ በኒውክሌር ሙከራ ምክንያት ካርቦን 14 በአየር ላይ በጣም ስለጨመረ፣ ከዚያ ወዲህ ያደገ እንጨት ይታወቃል። ስለዚህ ምርመራው ዋጋ የሚኖረው ውድ በሆነ ዕቃ ላይ «ይህ አዲስ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ነው። ናሙናውም ከግንዱ ውጭኛ ክፍል፣ ለቅርፊቱ ቅርብ ከሆነው እንጨት መወሰድ አለበት፤ ከመሐሉ ከተወሰደ ዕቃው ከተጠረበበት ብዙ አሥርት ዓመታት የቀደመ ውጤት ይሰጣል።

ምርመራው ሲያልቅ ግምቱን በሁለት ቁጥር መሐል ይጻፉ፣ ከአርባ ዓመት ያነሰ ስፋት ለመስጠት ጽኑ ማስረጃ ከሌለ አይሞክሩ። ከግምቱ ስር ያስገደደዎትን ምልክት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ፣ በጎን ብርሃን የተነሱትን የሥሩንና የራስ ማረፊያውን ፎቶግራፎች ማስመሪያ አጠገባቸው አድርገው ከጽሑፉ ጋር ያያይዙ። የሞከሩበትን የጥጥ ቦታም በፎቶው ላይ ያመልክቱ፣ ቀጣዩ መርማሪ ያንን ልዩ ቀለም የአሮጌ ወዝ አካል አድርጎ እንዳይወስደው።